ውይይት፦ በአቼቶ ውስጥ ያለው የአሴቲክ አሲድ መጠን

አራቱ ሙከራዎች አንድ ቁጥር አልሰጡንም። አሥር እጥፍ የቀጠነው አቼቶ 25.00 ሚሊ ሊትሩ በተራ 22.40፣ 20.80፣ 21.25 እና 20.85 ሚሊ ሊትር የ0.100 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወሰደ። በመመሪያችን ውጤቶች በ0.10 ሚሊ ሊትር ውስጥ መቀራረብ አለባቸው፤ ይህን ያሟሉት ሁለተኛውና አራተኛው ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድለት ግልጽ ነው። 20 ሚሊ ሊትር ካለፍን በኋላ ጠብታ በጠብታ መጨመር ሲገባን የቢዩሬቱን ቧንቧ ክፍት ተውነው፤ ፍላስኩ በአንድ ጊዜ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ማብቂያ ነጥቡን ማለፋችንንም በዚያው ሰዓት መዝገብ ላይ ጽፈናል። ያለፈው ቤዝ በስሌቱ ያልነበረ አሲድ ሆኖ ስለሚቆጠር ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ይህ ሙከራ ብቻውን 5.38 በመቶ ይሰጣል። ወደ ታች የሚጎትት ተቃራኒ ስህተት ስለሌለ በአማካይ አይጠፋም፤ ስለዚህ አውጥተነዋል።

ያስቸገረን ሦስተኛው ነው። ከሁለተኛው በ0.45 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በዘጠኝ ጠብታ ያህል ይበልጣል። የንባብ ስህተት ይህን አይሸፍንም፤ በእያንዳንዱ ንባብ 0.05 ብንሳሳት እንኳ ከዚህ የሚመጣው የሁለቱ ሙከራዎች ልዩነት ከ0.20 አያልፍም። ቤዙ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ደክሞ ቢሆን ደግሞ አራቱንም ሙከራዎች ይነካ ነበር። ቀለሙን በሁለተኛውና በአራተኛው «ፈዛዛ ሮዝ»፣ በሦስተኛው ግን «ሮዝ» ብለን መዝግበናል፤ በሦስተኛው ቧንቧውን የያዘው ሌላ የቡድኑ አባል ነበር። ይህ ማለፍን ይጠቁማል። ሆኖም 0.45 ሚሊ ሊትር ትርፍ ቤዝ ፒኤችን ወደ 11 ስለሚያደርስ የቀለም አመልካቹ ፊኖልፍታሊን ከዚያ ይበልጥ መድመቅ ነበረበት። ሌላው ጥርጣሬ ቢዩሬቱን እንደገና ስንሞላ ጫፉ ላይ የቀረ የአየር አረፋ ነው፤ አረፋው በመሃል ቢወጣ የሚነበበው ይዘት ወደ ፍላስኩ ከገባው ይበልጣል። ነገር ግን አረፋ አየሁ ያለ ሰው የለም።

ሦስተኛውን ብንጥል ውጤቱ ልክ 5.00 በመቶ ይሆናል፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም 5 በመቶ ነው። እውነቱን ለመናገር የመጣሉ ሐሳብ የመጣልን ይህን ካየን በኋላ ነው፤ ለዚህም ነው ያልጣልነው። የመጀመሪያውን ያስወጣው በዓይን የታየ ጥፋት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ያለን ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው የሦስቱን አማካይ ነው፦ 20.97 ሚሊ ሊትር፣ መደበኛ ልይይት 0.25፣ ማለትም 5.04 ± 0.06 በመቶ። ሦስተኛው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ከሆነ ይህም ቁጥር በትንሹ ከፍ ያለ ነው። አምስተኛ ሙከራ ጥርጣሬውን ያጠብበው ነበር፤ የላቦራቶሪው ሰዓት ግን አልቆ ነበር።