የግንቦት 21ዱ የኖራ ስብሰባ፦ እመጣለሁ፣ ግን 7 ሰዓት ላይ እወጣለሁ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ውበቱ፣

የስብሰባው ጥሪ ደርሶኛል፤ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ግንቦት 21 ፍኖተ ሰላም እገኛለሁ። ሙሉ ቀን ግን መቆየት አልችልም። ፕሮግራሙ ሳይባዛ ብነግርዎት ይሻላል ብዬ ነው ዛሬውኑ የጻፍኩት።

ጠዋት 12 ሰዓት ከደብረ ማርቆስ እነሳለሁ። መናኸሪያ ውስጥ «አንድ ሰው ቀረ» እያሉ ካላቆዩን በስተቀር 3 ሰዓት ሳይሞላ አዳራሽ እገባለሁ። የምወጣው 7 ሰዓት ነው። ያን ቀን እናቴ የማርያም ማኅበር ተረኛ ናት። ጉልበቷ ከከዳት መቆየቱን ያውቃሉ፤ ጠማቂዋም፣ ጋጋሪዋም፣ አሳላፊዋም እኔው ነኝ። ማኅበርተኛው ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይገባል። ቀኑ ይቀየርልኝ እንዳልል ደግሞ ኖራው አይጠብቅም። ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ አፈር ውስጥ ካልገባ ሥራውን አይሠራም፤ ስንዴ ዘሪው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ መሬቱን ይፈልገዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። «የኖራ ድልድል በቀበሌ» የሚለው አጀንዳ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ተይዟል። ወደ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ያምጡልኝ፤ የበጀት ሪፖርቱ በእሱ ቦታ ይሁን። ሪፖርቱን ያለ እኔም ታደምጡታላችሁ። የአፈር ምርመራውን ውጤት ይዤ የምመጣው እኔ ስለሆንኩ ድልድሉ ላይ ግን መኖር አለብኝ። ማዛወሩ የማይቻል ከሆነ መምጣቴ ትርፉ ድካም ነው። ያን ጊዜ ከቢሮዬ ሆኜ 8 ሰዓት ላይ በዙም እገባለሁ፣ እስከ 10 ሰዓት ከእናንተ ጋር ነኝ። እኔ የምመርጠው በአካል መገኘቱን ነው፤ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መነጋገርን የመሰለ የለም።

አጀንዳው ከተዛወረ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ስለምሆን አትደውሉልኝ፤ ኔትወርኩ ቦታ ቦታ ይጠፋል። ውሳኔዎቹ ሲነበቡ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ከቤቴ ለግማሽ ሰዓት እገባለሁ። ሊንኩን በቴሌግራም ይላኩልኝ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ተናጋሪው ይጠጋ። ባለፈው ሌላ ቦታ በዙም ገብቼ የሰማሁት የወንበር ጩኸት ብቻ ነበር። መብራት ከጠፋ ዙሙን ተዉት፤ በተራ ስልክ ደውላችሁ ስፒከር ላይ አድርጉኝ።

እሱም ካልሆነ አቋሜ ይኸው፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ለሁሉም ገበሬ አንድ አንድ ኩንታል ኖራ ማደሉን አልደግፍም። እንደ አሲዳማነቱ ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል በሚፈልግ መሬት ላይ አንድ ኩንታል መበተን ኖራውንም የጫነውን መኪና ነዳጅም ማባከን ነው። ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ማንንም አይጠቅምም። ይልቅ ፒኤቹ ከ5 በታች የወጣው መሬት ይቅደም። እዚያ ላይ አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ስለሚጎዳ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ገብሱና ባቄላው ቀጭጮ ይቀራል። ባለመሬቱም ኖራውን በትኖ ወዲያው አርሶ ከአፈሩ ጋር ሊቀላቅለው ይስማማ። ከላይ ተነስንሶ የቀረውን ንፋስ ነው የሚወስደው። ዘንድሮ ያልደረሰው ገበሬ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ ለእሱ የሚሆነውን መልስ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ራሴ እሰጣለሁ፣ በእናንተ ላይ ጥዬ አልሄድም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። በስም መቆጣጠሪያው ላይ እስከ 7 ሰዓት እንደተገኘሁ ይጻፍ፣ አበሉም የግማሽ ቀን ይሁን፤ ኋላ ኦዲተር ሲመጣ እናንተም እኔም አንጨነቅ። ምሳም አታስቀምጡልኝ። «ሳትቀምሺማ አትሄጂም» የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ፣ ይኸው ከአሁኑ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የ4 ሰዓቱ ቡና ግን አያምልጠኝ።

የአጀንዳውን ነገር እስከ ነገ ማታ ቢያሳውቁኝ ጥሩ ነው። የምመጣ ከሆነ የናሙናውን ውጤት በየቀበሌው ለይቼ 30 ኮፒ አትሜ እይዛለሁ፤ በዙም ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ረቡዕ ከሰዓት እልክልዎታለሁ፣ እዚያው አሳትሙት።

ለእትዬ አልማዝና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ
ሰብለ
ከአፈር ላቦራቶሪ፣ ደብረ ማርቆስ