ለተተኪ መምህር፦ የ7ኛ «ለ» ማኅበራዊ ሳይንስ ማስረከቢያና የዕለት ትምህርት ዕቅድ

ይድረስ ለክቡር ባልደረባዬ፣

ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ስለምሄድ፣ የነገውን የ3ኛ ክፍለ ጊዜ እንዲሸፍኑልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የስም መጥሪያው ከክፍል አለቃዋ ዘንድ ይገኛል፤ ሁለት ልጆች ሩቅ መንገድ በእግር ስለሚመጡ ጥቂት ቢዘገዩ አይቆጧቸው።

ርዕሱ የዓባይ ተፋሰስ ሲሆን ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ጨሞጋ ወዴት እንደሚፈስ ይጠይቋቸው፤ የደብረ ማርቆስ ልጆች ስለሆኑ ወንዙን ያውቁታል፣ ለዓባይ እንደሚገብር ግን ሁሉም አያስተውሉም። ቀጥለው ለ20 ደቂቃ ካርታውን በጠመኔ ሲስሉ፣ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ መሆኑን፣ ዓባይ ደግሞ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከዞረ በኋላ ወደ ሱዳን እንደሚያመራ ቀስቱን እየጠቆሙ ያስረዱ፤ ባለፈው ሳምንት ብዙዎቹ ሁለቱን አምታተው ነበርና እዚህ ላይ ቢዘገዩ አይክፋዎት። በቀሪው ጊዜ ካርታውን በደብተራቸው ይሳሉ፤ ካልጨረሱ የቤት ሥራ ይሁን።

ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ዝም የሚሉት ስላልገባቸው ሳይሆን ስለሚያፍሩ ነው፤ ጥንድ ጥንድ አድርገው ቢያነጋግሯቸው ይመልሳሉ። ካርታውን የጨረሱትን ልጆች ደብተሮች ሰብስበው ጠረጴዛዬ ላይ ያኑሩልኝ፤ እርማቱን ስመለስ እሠራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክፍሉ መምህር