ጦጢት እና ፓፓያዋ
(ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ የሀዋሳ ሕፃናት የተዘጋጀ የአሻንጉሊት ትርኢት)

ዝግጅት፦ ጦጢት ከግራጫ ካልሲ ትሠራለች፤ ፊቷ ጥቁር ጨርቅ፣ ዓይኖቿ የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ጉሬዛ ጥቁር ካልሲ ሆኖ በጀርባውና በጅራቱ ጫፍ ነጭ ጥጥ ይሰፋበታል። የአባ ኮዳ ምንቃር ከካርቶን ተቆርጦ በእንጨት ማንኪያ ላይ ይታሰራል። አሞራ ገደል የሚሄዱ ልጆች ስለሚያውቁት፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ይራመድ። ፓፓያው ከስፖንጅ ይሠራና አስቀድሞ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ግማሽም በመሐሉ ይሰነጠቃል። በሁለት ወንበሮች መካከል የተዘረጋ ነጠላ መጋረጃ ይሆናል።

ተራኪ፦ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ጦጢት የምትባል ጦጣ ነበረች።

ጦጢት፦ (ፓፓያውን አቅፋ) ይህ ፓፓያ የእኔ ብቻ ነው! ግን እንዴት ይከፈታል? (ትነክሰዋለች፤ ታንከባልለዋለች።)

አባ ኮዳ፦ ልጄ ጦጢት፣ ምን ያስቸግርሻል?

ጦጢት፦ አባ ኮዳ፣ ይህ ልጣጭ አልበሳ አለኝ። እባክዎ፣ በምንቃርዎ ይክፈቱልኝ።

አባ ኮዳ፦ ልጆች፣ አብረን እንቁጠር! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! (ፓፓያው ለሁለት ይከፈላል።)

ጦጢት፦ ስለረዱኝ ግማሹ የእርስዎ ነው።

ተራኪ፦ ልክ ሁለቱም ሊበሉ ሲሉ ጉሬዛ ከዋርካው ላይ እየዘለለ ወረደ።

ጉሬዛ፦ ጦጢትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቅጠል ብቻ ነው የበላሁት። እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው!

ጦጢት፦ (ድርሻዋን ከኋላዋ ትደብቃለች) አንተ እኮ ስንከፍተው አልነበርክም! (ወደ ልጆቹ ዞራ) ልጆች፣ ምን ላድርግ?

(ማሳሰቢያ፦ እዚህ ላይ ልጆቹ በሚገባ ይናገሩ። «አትስጪው» የሚል ልጅ ቢኖር አይገሠጽ፤ የሚወዱትን ነገር መስጠት ለሕፃናት በእውነት ከባድ ስለሆነ፣ ጦጢት ራሷ «እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» ብላ ዝም ትበል። ይህን ዝምታ አታሳጥሩት፤ የትርኢቱ ልብ እርሱ ነውና።)

ጦጢት፦ (ፓፓያውን እያየች) ከቆረስኩት የእኔ ትንሽ ይሆናል። (ጉሬዛን እያየች) ጉሬዛ ግን ምንም የለውም። (ትቆርሳለች።) እንካ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ።

ጉሬዛ፦ ጦጢትዬ፣ አመሰግናለሁ!

አባ ኮዳ፦ የእኔ ቁራሽ ከእያንዳንዳችሁ ቁራሽ ይበልጣል፤ ከዚህም ጨምሩ።

(ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ኛም፣ ኛም» እያሉ ይበላሉ፤ ልጆቹም አብረው ይላሉ።)

ጦጢት፦ ጉሬዛ፣ ፍሬዎቹን አትጣላቸው! ዋርካው አጠገብ አብረን እንትከላቸው።

(ጉሬዛ መሬቱን ይቆፍራል፤ ጦጢት ፍሬ ትጥላለች፤ አባ ኮዳ ከሐይቁ በምንቃሩ ውኃ አምጥቶ ያጠጣል። ነጠላው ቀስ ብሎ ይዘጋል።)