ለአስካለ

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። በፌስታል ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር በመቀነት አስሬዋለሁ። እትዬ ወርቄ ናቸው የጻፉት።

ልጃቸው አስካለ ደጀን ናት። ክረምቱ ሳይገባ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ልትመጣ እንዳሰበች አንድ ጨው ነጋዴ ነገረን። እትዬ ወርቄ ይህን ሲሰሙ እስክሪብቶ አስፈለጉ። በአፍ ብነግራት አታምነኝም። የማታውቀው ሰው መጥቶ «አትምጪ ተብለሻል» ቢላት ቤቷን ሊወርስ ነው የምትለው። ዘንድሮ እንደዚያ የሚያደርጉ ሞልተዋል።

ፍቼ ላይ ሥራ አገኘሁ። ወፍጮ በእጅ ማዞር፣ በቀን ሁለት ምሳ። በደህናው ቀን ቢሆን እሰነብት ነበር። ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ እሷም መንገድ ጀምራ ይሆናል። ጎሐ ጽዮን ስደርስ ልጅ ያዘለች ሴት ባየሁ ቁጥር «ከደጀን ነሽ?» እላለሁ። አንዷ ድንጋይ አነሳችብኝ። አልፈርድባትም።

ከጎሐ ጽዮን ደጀን በዓባይ በረሃ አቋርጦ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ በአይሱዙ ረዳት ሆኜ ስወርደው የሾፌሩ ፍሬን ነበር የሚያስፈራኝ። አሁን መኪኖቹ በየመታጠፊያው ቆመው ዝገዋል፤ ጦጣዎች ጋቢናቸው ውስጥ ያድራሉ። ከፍልቅልቅ በታች ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሌሊት ሌሊት ሄድኩ።

ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ጨዬን ወሰዱ። ከዚያ ፌስታሉን ነኩት።

«ወረቀት ነው? ትምባሆ እንጠቀልልበታለን።»

«ወንድሜ፣ ይሄ የሰው አደራ ነው።»

«ታዲያ በምን ታልፋለህ?»

ጫማዬን አየው። ፈታሁለት።

ወደ ኩራር የሚያወጣው አስፋልት ጠጠር ሆኗል። ሸሚዜን ቀድጄ እግሬን ጠቀለልኩ። ስለ ዳገቱ ብዙ አልናገርም።

ደጀን ጠይቄ ጠይቄ ቤቷን አገኘሁ። አህያው ደጅ ቆሟል፤ ምጣዱ ሳይቀር ተጭኗል። ደብዳቤውን ስሰጣት ቆማ አነበበችው፦

«አስካለዬ፣ እንዳትመጪ። ጉድጓዱ ደርቋል፣ ሰፈሩም ባዶ ነው። የአባትሽን ማሳ ያዢ። ጤፉን ለዘር አስቀሪ እንጂ እንዳትሸጪው። ይህን ላመጣልሽ ልጅ ምግብ ስጪው፤ አፍሮ አይጠይቅሽም።»

«የእማዬ እጅ ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና «እሷስ?»

«በሚያዝያ ቀበርናቸው። ሰው አልጎደለም፤ የቀረነው ሁሉ ወጥተን ነበር።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ልጆቿ ከኋላዋ ቆመው እኔን ያዩኛል። ከዚያ አህያውን ማራገፍ ጀመረች፤ እኔም ጠፍሩን ያዝኩላት። ምጣዱን ስታወርድ እግሬን አየችው።

«የባሌ ጫማ አለ። ስንት ቁጥር ነህ?»

«አርባ ሁለት።»

«አርባ አንድ ነው።»

«ይሆነኛል።»