ከሱሉልታ ዘግይቶ የመጣ ሰላምታ

ጤና ይስጥልኝ ንብ አናቢዎች! እንዴት ሰነበታችሁ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ንቦቻችሁስ ደህና ናቸው?

ትዕግሥት እባላለሁ። እዚህ ቡድን ከገባሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ቡና ተፈልቶ ሰላም ሳትል ገብታ፣ ጥግ ይዛ ፈንዲሻ እየዘገነች ጨዋታ የምትሰማ ጎረቤት ታውቃላችሁ አይደል? እኔ እሷን ሆኜ ነው የከረምኩት። ይቅርታችሁን። "አዲስ አባል ራሱን ያስተዋውቅ" የሚለውን ከላይ የተሰካ መልእክትም አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ እደርስበታለሁ።

በቅድሚያ የተጠየቀውን ልመልስ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ንቦቼ ያሉት ሱሉልታ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ በሳምንቱ መሀል እናቴ ከሩቅ ታያቸዋለች። "ይወጣሉ ይገባሉ" ከማለት በላይ ግን ሪፖርት የላትም። የቀፎ ብዛት አንድ። ዓይነቱ ዘመናዊ፣ አሥር ፍሬም የሚይዘው። ልምድ፣ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ወር ባዶ ቀፎ ሳይ ያለፈ ስለሆነ ቀንሳችሁ ቁጠሩልኝ።

አሁን ወደ ሐፍረቴ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስቀል ማግስት ነው። ግቢያችን ያለው ግራዋ ላይ የንብ መንጋ አረፈ። እናቴ ደውላ "ቤቱን ንብ ወረሰው፣ ነይ" አለችኝ። እኔ ስደርስ ጎረቤታችን ጋሼ ቀድመውኝ ነበር። በእበት የተለቀለቀ ባህላዊ ቀፎ ይዘው፣ ኩበት እያጨሱ፣ ጓንት የለ፣ መሸፈኛ የለ፣ በባዶ እጃቸው ንቡን እየዘገኑ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። እኔ በመስኮት ነው የማየው። "አውራዋ ከገባች ሌላው ይከተላታል፣ አትቸኩይ" ይሉኛል፣ ቸኩዬ የምወጣ ይመስል! ሲመሽ ቀፎውን አጥራችን ጥግ አስቀመጡልኝና "እግዜር የሰጠሽ ነው፣ ያዥው" ብለውኝ ሄዱ።

ወሩ ጥሩ ነበር። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ማገጡም ገና አልረገፈም። ንቦቹ እንደ ጉድ ሠሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ጋሼ መጥተው ማር አቆራረጥ አሳዩኝ። አንድ ሁለት እንጀራ ከቆረጡ በኋላ እጃቸውን ታጠቡ። "ይኼ ይበቃሻል፣ የቀረውን ለእነሱ ተይላቸው፣ በጋ ነው የሚመጣው" አሉኝ። እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። ለአንድ ስድሳ ብር በማይሞላ ልዩነት ሙሉ ቀን የምትፈልግ ሒሳብ ሠራተኛ ቀፎ ውስጥ ማር ቀርቶ መተኛት አልቻለችም። የቀረውን ቆረጥኩት። ሁሉንም። የመጀመሪያውን ጨምሮ ሰባት ኪሎ መዘነልኝ። በብልቃጥ አድርጌ ለመሥሪያ ቤት ሰው አከፋፈልኩ፣ ፎቶም ተነሳሁ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ የቀፎው አፍ ጭር ብሏል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ድምፅ የለም። ከፈትኩት። ጉንዳን በመስመር ይወጣል ይወርዳል። እንጀራው ደርቋል። የሞተ ንብ እንኳ ብዙ አልነበረም፣ ጥለውኝ ሄደዋል። ጋሼ መጥተው አዩ። ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሚያዝያ ላይ ከዚያው ሰፈር ካለ ገበሬ ንቡን ከነቀፎው ገዛሁና ወደ ዘመናዊ ቀፎ አዛወርነው። "አዛወርነው" ስል ጋሼ አዛወሩት፣ እኔ ማጨሻውን ያዝኩ። ጋሼ እንደገና መምጣታቸው ራሱ ገርሞኛል።

ሳታውቁኝ ስንቱን እንዳስተማራችሁኝ ልንገራችሁ። የቀፎውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ከእናንተ ነው የሰማሁት። አራቱን ጣሳ ከምናለሽ ተራ ለቅሜ አመጣሁ፣ እስከ ዛሬ አንድ ጉንዳን አልወጣም። ዝናቡ ሲጠነክር በሶና የስኳር ውኃ መስጠትንም ከእናንተ ነው ያወቅኩት። መጀመሪያ ስኳሩን በሰሐን አቀረብኩላቸውና ሰጥመው አለቁብኝ። አሁን ጭድ ጣል አደርግበታለሁ፣ እሱ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። ከእኛ አጥር ወዲያ ስንዴ ያላቸው ጎረቤት ደግሞ የተባይ መድኃኒት የሚረጩት ንቡ ከገባ በኋላ፣ ወደ ማታ እንዲሆን ተስማምተናል። ይህን ሐሳብ በድምፅ መልእክት የነገሩን አባት፣ ከኋላዎ ዶሮ የሚጮኸው፣ እድሜ ይስጥልኝ። ያንን መልእክት ለጎረቤታችን ነው ያስደመጥኳቸው፣ እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም ነበር።

ባዶ እጄን አልመጣሁም። ማር የምትሸጡ ሰዎች ወጪና ገቢያችሁን በደብተር ጽፋችሁ ፎቶ ስትልኩ አያለሁ። ስኳሩ፣ ሰሙ፣ ትራንስፖርቱ ሳይደመር "አተረፍኩ" የሚል ሰው አይቼ ስንቴ ልጽፍ ብዬ ተውኩት። ለማንም ቢሆን ሒሳቡን ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፣ ክፍያ የለውም። መርካቶም ከቢሮዬ ሩቅ አይደለም፣ ከክፍለ ሀገር ለምትጽፉ ዕቃ ጠይቄ ዋጋ ልነግራችሁ እችላለሁ።

በመጨረሻ ያስጨነቀኝን ልጠይቅ፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬ አፌን የከፈተውም እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ቀፎውን ከፈትኩ። ሦስተኛውና አራተኛው ፍሬም ላይ የታሸገው እጭ እንደ ድሮው ልጥፍ ያለ አይደለም፣ ጉብ ጉብ ብሏል፣ እንደ ድንጉላ ቤት። እሱም ወጥ አይደለም፣ እዚህም እዚያም ነው። ያልታሸጉትን በስልኬ መብራት አየኋቸው። አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት፣ አንዱ ውስጥ ሦስት እንቁላል ቆጠርኩ። እንቁላሎቹ ከታች መሀል ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ንግሥቲቱን ፈልጌ አጣኋት። እርግጥ እኔ ፈልጌ ማጣቴ ማስረጃ አይሆንም፣ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት፣ እሱንም ጋሼ በጣታቸው አሳይተውኝ።

ጋሼ "ሠራተኞቹ መውለድ ጀምረዋል፣ እናት የላቸውም" ይላሉ። እውነት ከሆነ ምን ይሻለኛል? እሳቸው ከራሳቸው ቀፎ እንቁላልና እጭ ያለበት እንጀራ ቆርጠው፣ ፍሬም ላይ አስረው ሊሰጡኝ ፈቅደዋል። ንቦቹ ከዚያ ላይ አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ? ወይስ ጊዜው አልፏልና ከሌላ ቀፎ ጋር ማዋሃድ ይሻላል? አደይ ሊያብብ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፣ ባዶ ቀፎ ይዤ መስከረምን መቀበል አልፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ። ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ የትኛውን ፍሬም እንዳነሳላችሁ እስከዚያ ንገሩኝ።