ተራ ቁጥር 11

ሰላማዊት የጠበቃው ቢሮ ከገባች አራት ወሯ ነው። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ «ጀማሪ ጸሐፊ» ይላል። በተግባር ግን ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማኅተም ትመታለች፣ ፋይል ታቅፋ ልደታ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ውል ማንበብ የሷ ሥራ አይደለም። አንብቢልኝ ያላት ሰውም የለም።

ያን ቀን ከሰዓት የተሰጣትም ቀላል ነገር ነበር። ዘጠኝ ገጽ የእርቅ ስምምነት፣ በአምስት ቅጂ። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለችሎት ይቀርባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ ሲቀዘቅዝበት 14 ሠራተኞች ቀነሰ። ሠራተኞቹ የስንብት ክፍያችን ተጓደለ ብለው ከሰሱ። ብዙ ቀጠሮ፣ ብዙ ክርክር። በመጨረሻ ሁለቱም ሰለቻቸውና ተስማሙ። የሰላማዊት ቢሮ የቆመው ለፋብሪካው ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ማሽኑ ስምንተኛው ገጽ ላይ ወረቀት ነከሰ። ሰላማዊት ክዳኑን ከፍታ የተጨማደደውን አወጣችና ዋናውን እንደገና ልታስገባ አነሳችው። አባሪ አንድ ይላል፤ የክፍያ ሠንጠረዥ። ስም፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የቀን ደመወዝ፣ ጠቅላላ ክፍያ። የመጨረሻው አምድ በቀኝ በኩል እኩል ተሰልፏል። ነጥቦቹ አንዱ ካንዱ ሥር ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ተራ ቁጥር 11 ላይ ግን ነጥቧ ወደ ቀኝ ወጣ ብላለች።

4,320.0

የሌሎቹ ሁሉ ከነጥብ በኋላ ሁለት ዜሮ አላቸው። የዚች አንድ ብቻ።

መጀመሪያ ያሰበችው ዜሮ ጨምራ ማስተካከል ነበር። እንዲያምር ያህል። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ። ተራ ቁጥር 10፦ የቀን ደመወዝ 180 ብር፣ አገልግሎት 15 ዓመት፣ ክፍያ 41,400.00። ተራ ቁጥር 11፣ ወ/ሮ እጅጋየሁ፦ የቀን ደመወዝ 180 ብር፣ አገልግሎት 16 ዓመት፣ ክፍያ 4,320.0።

አንድ ዓመት ትርፍ የሠራች ሴት አሥር እጥፍ ታንሳለች?

ስልኳን አወጣች። ሕጉን ታውቀዋለች፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ፎቶ ኮፒ ከማንሳቷ ብዛት አንቀጽ 40ን በቃሏ ይዛዋለች። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ። 180 በ30፣ 5,400። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። 1,800 በ15፣ 27,000። የተቀነሰው በሠራተኛ ቅነሳ ስለሆነ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ። 10,800። ደመረችው።

43,200።

አሃዞቹ ያው ናቸው። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የተነቃነቀችው ነጥቧ ብቻ ናት። አንድ ሰው በእጁ ሲጽፍ አንድ ቤት ቀደም አድርጎ ነጥብ መታ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ለአራት አሃዝ እንደሚገባው ኮማ ጨመረላት። አለቀ።

ምናልባት ሴትየዋ ብድር ኖሮባት ተቀንሶ ይሆን? ፋይሉን አወረደች። የደመወዝ ወረቀቶቹን፣ የክስ ማመልከቻውን፣ የመከላከያ መልሱን አገላበጠች። ብድር የለም። ቅድሚያ ክፍያ የለም። ክሱ ላይ ራሱ 43,200 ተብሎ ተጠይቋል።

ጠቅላላ ድምሩንም አየችው። ብር 512,680.00። በፊደልም ተጽፏል፤ «አምስት መቶ አስራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ብር»። የተሳሳተው ቁጥር በትክክል ተደምሮ፣ በትክክል በፊደል ተጽፎ፣ ንጹሕ ሰነድ መስሎ ቁጭ ብሏል። በአሃዝና በፊደል የሚጻፈው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነበር። እዚህ ግን ፊደሉ የተጻፈው አሃዙን እያዩ ነው።

ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ደግሞ የሠራተኞቹ ጠበቃ ፊርማ አለ። ስምንተኛው ገጽ ላይም አለ።

«እትዬ ሙሉ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ» አለች።

እትዬ ሙሉ ቢሮው ሲከፈት ጀምሮ ያሉ ጸሐፊ ናቸው። መነጽራቸውን አውርደው አዩ። ቶሎ ነው የገባቸው።

«ማን አዘጋጀው?»

«የፋብሪካው ሒሳብ ክፍል።»

«የነሱ ጠበቃ ፈርሟል?»

«ፈርሟል።»

«እንግዲያው ኮፒሽን አንሺ» አሉና መነጽራቸውን መለሱት። ሰላማዊት ንቅንቅ ሳትል ሲያይዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር የሚተርፈው ለደንበኛችን ነው። ደንበኛው ነው ደመወዝሽን የሚከፍለው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ሰላማዊት ለታክሲ ሲያጥራት ከቦርሳቸው አውጥተው የሚሰጧት እሳቸው ናቸው። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ገና መተንፈሷ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው እንዲህ ያሉት።

የቀሩትን ገጾች አነሳች። አምስቱንም ቅጂ በየተራው ሰፋች። ከዚያ አንዱን ይዛ የጋሽ ጌታሁንን በር አንኳኳች።

ጋሽ ጌታሁን ካፖርታቸውን ለብሰው ሊወጡ ነበር። «አለቀ?»

«አልቋል። ግን አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር።»

ስብከት አልነበራትም። መንገድ ላይ ያሰበችው ነገር ሁሉ ጠፍቶባታል። ስምንተኛውን ገጽ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ሁለቱን መስመሮች ብቻ አሳየቻቸው። «አሥራ አምስት ዓመት፣ አርባ አንድ ሺህ። አሥራ ስድስት ዓመት፣ አራት ሺህ። ከላይና ከታች ናቸው፣ ጋሼ። ነገ ዳኛዋ ገጹን ቢገልጡት ያዩታል።»

ጋሽ ጌታሁን ቆመው አነበቡ። ከዚያ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን ግን አላወለቁም።

«እኛ ለማን ነው የቆምነው?»

«ለፋብሪካው።»

«ታዲያ ምነው አመጣሽልኝ?»

ሰላማዊት አፏ ደረቀ። «የሚፈርሙት እርስዎ ስለሆኑ» አለች።

ሰውዬው ቀና ብለው አዩዋት። ተቆጡም አልተቆጡም ለማለት የሚያስቸግር አስተያየት ነው። ከዚያ ስልኩን ስበው የፋብሪካውን ፋይናንስ ኃላፊ ደወሉ። ስፒከሩን ከፈቱት። ለምን እንደከፈቱት ሰላማዊት እስከ ዛሬ አልገባትም፤ እኔ ግን እንድትማርበት ይመስለኛል።

«አባሪው ላይ ስህተት አለ። ተራ ቁጥር 11። አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ መሆን ሲገባው አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ተብሏል።»

ወዲያ ማዶ ወረቀት ተገላበጠ። ዝም። ከዚያ፣ «የነሱ ጠበቃ ፈርሞ የለ እንዴ?»

«ፈርሟል።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለ? ተስማምተዋላ!»

«ወዳጄ፣ የተስማሙት በሕጉ መሠረት ሊከፈላቸው ነው። አንቀጽ 2 ላይ የጻፍነው እኛው ነን። ሴትየዋ ገንዘቡን ልትቀበል ባንክ ስትሄድ ታውቀዋለች። የስሌት ስህተት ይታረምልኝ ብላ ትመጣለች። ያኔ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ወጪ፣ ለእኔም ሌላ የጥብቅና ክፍያ ነው። ዛሬ ማታ ከታረመ በነፃ ነው።»

«ሠላሳ ስምንት ሺህ እኮ ነው...»

«ሠላሳ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ። ነጥቧን እዚያ ያስቀመጣት ደግሞ የእኔ ቢሮ አይደለም።»

ሰውዬው አጉረመረመ። ለሥራ አስኪያጁ ልንገር ብሎ ዘጋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለና «አስተካክሉት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ማረሙ ከማግኘቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። አንዲት ነጥብ ስትነሳ ሌላውንም ይዛ ትነሳለች። መጀመሪያ ሠንጠረዡ። ከዚያ ድምሩ፣ 551,560.00። ከዚያ ድምሩ በፊደል። ሰላማዊት ይኼው ነው ብላ ልታትም ስትል እትዬ ሙሉ ከኋላዋ መጥተው «አንቀጽ 5ስ?» አሉ። የመጀመሪያው ዙር ክፍያ የጠቅላላው ግማሽ ነው ይላል፤ በቁጥርም ተጽፏል። 256,340 የነበረው 275,780 ሆነ። እትዬ ሙሉ እስኪያልቅ ድረስ አብረዋት ቆዩ። የሰፋቻቸውን ቅጂዎች አንድ በአንድ የፈቱትም እሳቸው ናቸው። ስለ ዝንቡ አልተነሳም።

የሠራተኞቹ ጠበቃ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ መጥቶ የተለወጡትን ገጾች እንደገና ፈረመ። ጋሽ ጌታሁን ሲያሳዩት ፊቱ ትንሽ ቀላ። «አይቼው ነበር እኮ፤ ነገ ላነሳው ነበር» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

በማግስቱ ልደታ ኮሪደሩ እንደተለመደው ጢም ብሏል። ችሎቱ ራሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዳኛዋ ስምምነቱ በፈቃዳችሁ የተደረገ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው ተባለ። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ስምንተኛው ላይ ቆም አሉ ወይስ አላሉም፣ ሰላማዊት ከተቀመጠችበት ማየት አልቻለችም። ለሕግም ለሞራልም ተቃራኒ ባለመሆኑ ተመዝግቧል፣ መዝገቡ ተዘግቷል።

ሲወጡ ሠራተኞቹ ደረጃው ጋ ከበው ወረቀቱን ይቀባበላሉ። ነጠላ ያደረገች አንዲት ቀጭን ሴት ከመሃላቸው ወጥታ ወደ ሰላማዊት መጣች። የማን ወገን እንደሆነች የጠየቀች አትመስልም፤ ፋይል ስላቀፈች ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ የኔን አንብቢልኝ። መነጽሬን ረስቼ ነው የወጣሁት።»

«ስምዎት?»

«እጅጋየሁ።»

ሰላማዊት ገጹን መፈለግ አላስፈለጋትም። ቢሆንም ገለጠችው። «አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር።»

ሴትየዋ ደጋግማ ጠየቀቻት። ሰላማዊትም ደጋግማ ነገረቻት።

«በቃ? ለአሥራ ስድስት ዓመት?»

«ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚከፈለው።»

«እሱንም በግማሽ?» ወ/ሮ እጅጋየሁ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ... የቤት ኪራይ ውዝፍ ከፍዬ ምን ይተርፈኛል? ያውም ጠበቃው ሳይቆርጥ። ያንቺ አለቃ ናቸው ይሄን ያሰሉት?»

«አይ፣ ፋብሪካው ነው» አለች ሰላማዊት። «እኛ አይተነዋል። ልክ ነው።»

«ልክ ከሆነስ እሺ» አለችና ወረቀቱን ተቀበለቻት። «ባንኩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?»