የኪራይ ማመልከቻ፦ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ለተከበሩ አከራይ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር መጥተን ያየነውን ቤት ለመከራየት ነው የማመለክተው። ስሜን፣ ስልኬንና አሁን ያለሁበትን አድራሻ በቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሞልቻለሁ። ለቀሩት ጥያቄዎች የተሰጠው ቦታ ስለጠበበኝ መልሴን እዚህ ጽፌ አያይዣለሁ።

በቤቱ የሚኖሩ

እኔና የ9 ዓመት ልጄ ብቻ ነን። የቤት እንስሳ የለንም፣ ሲጋራም አላጨስም። እናቴ በዓመት አንዴ መጥታ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቀመጣለች። በኋላ እንግዳ እንዳይሆንብዎት ብዬ ከአሁኑ ነገርኩዎት።

ሥራና ገቢ

ነርስ ነኝ። በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ በቋሚነት ስሠራ 7 ዓመቴ ነው። የመሥሪያ ቤቴ ማህተም ያለበት የሥራና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የ3 ወር የደመወዝ መክፈያ ወረቀትና የ6 ወር የባንክ ስቴትመንት አያይዣለሁ።

የጠየቁት ኪራይ እጄ ላይ ከሚደርሰው ደመወዝ ከሲሶው ትንሽ ያንሳል። ይህን ሳሰላ የሌሊት ተረኛ ክፍያዬን አልጨመርኩም። አንዳንድ ወር በርከት ይላል፣ አንዳንድ ወር ጭራሽ የለም፤ በእሱ ተማምኜ ቤት አልከራይም።

ከሦስቱ የደመወዝ ወረቀቶች የመሐለኛው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ልጄ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት 8 ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ደብዳቤው ላይም ተጠቅሷል። ልጁ ደህና ነው፣ ደረጃውን እንዴት እየዘለለ እንደወጣ ራስዎ አይተውታል። ስቴትመንቱ ላይ ኪራይ የከፈልኩባቸውን መስመሮች በቢጫ ቀለም አስምሬባቸዋለሁ። የዚያን ወር ኪራይም በቀኑ ነው የከፈልኩት።

አሁን ያለሁበት ቤት አከራይ

4 ዓመት ከ2 ወር ኖሬበታለሁ። የምለቀው ልጃቸው ልታገባ ስለሆነና ቤቱን ለእሷ ስለፈለጉት ነው። የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተውኛል፣ ቅጂው ተያይዟል። ስልካቸው ቅጹ ላይ አለ፤ እንደሚደውሉላቸውም ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ኪራይ አዘግይቻለሁ። የገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የመሥሪያ ቤታችን ደመወዝ ዘግይቶ 11 ቀን አሳለፍኩ። ቀኑ ሳይደርስ ደውዬ አስረድቻቸው ነበር፣ ደመወዙ በገባ ዕለት ሙሉውን ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላለፈብኝም። ከእሳቸው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ከዚያ በፊት የነበርኩበት ቤት አከራይ

2 ዓመት ኖርኩ። ስወጣ ካስያዝኩት ገንዘብ ግማሹን አስቀሩብኝ። ምክንያታቸው መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር የነበረው እርጥበት ነው። እድፉ ስገባም ነበረ። እጅ ሲነካው ቀለሙ ይረግፍ ነበር። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አሳውቄያቸው ነበር፣ መልእክቶቹ አሁንም አሉኝ። ከፈለጉ ላሳይዎት እችላለሁ። እሳቸው በበኩላቸው ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሊነግሩዎት ይችላሉ። ያም ሆኖ ስልካቸውን አልደበቅኩም፤ ስለ ኪራይ አከፋፈሌ ይጠይቋቸው፣ በዚያ ተጣልተን አናውቅም።

ስለ እኔ የሚጠየቁ ሰዎች

የመጀመሪያዋ የክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ 5 ዓመት አብረን ሠርተናል። ጠዋት ሥራ ስለሚበዛባቸው ከሰዓት በኋላ ቢደውሉላቸው ይመረጣል። ሁለተኛው ከታች ያሉት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሌሊት ተረኛ ስሆን ልጄ እሳቸውና ባለቤታቸው ጋ ነው የሚያድረው። ቤት አያያዜንና ጠባዬን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዘመድ አልጻፍኩም፤ ዘመድ ክፉ አይናገርም።

ስለ መግቢያ

ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ መግባት እችላለሁ። የመጀመሪያው ወር ኪራይና ማስያዣው ተዘጋጅቷል። ውል በተፈራረምን ዕለት በባንክ አስገባለሁ፣ ደረሰኝ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ቁልፍ ከመረከቤ በፊት ቤቱን አብረን እንዙርና ያለበትን ሁኔታ ፎቶ አንስተን፣ ጽፈን ሁለታችንም እንፈርምበት። ባለፈው ስናይ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት እስከ መጨረሻው አይዘጋም ነበር፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከገንዳው አጠገብ ያለችው አንዷ ሴራሚክም ተሰንጥቃለች። እነዚህ ከአሁኑ ቢመዘገቡ ለእርስዎም ለእኔም ጥሩ ነው።

የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ለዚህ ቤት ኪራይ ውሳኔ ብቻ መሥሪያ ቤቴን፣ ሁለቱን አከራዮችና ሁለቱን ሰዎች ደውለው እንዲያጣሩ ፈቅጃለሁ። ካልተስማማን የባንክ ወረቀቶቼን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በዚህ ሳምንት ተረኛነቴ ሌሊት ስለሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ቢደውሉልኝ አነሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አመልካቿ